ሱቁ ኮምቦልቻ፣ ማስታወቂያው ደሴ፦ ስምና አድራሻ ለቀየራችሁ ነጋዴዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴዎች በሙሉ
ግልባጭ፦ ለሁለቱ ከተሞች የገቢ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤቶች

ጉዳዩ፦ የንግድ ስምና አድራሻ ለውጥን ለግብር መሥሪያ ቤት በወቅቱና በማስረጃ ማሳወቅን ይመለከታል

የተከበራችሁ ነጋዴዎች፣

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዕቃው በአንድ አይሱዙ ይወርዳል፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው በማግስቱ ይሰቀላል፣ ደንበኛም ስልክ ደውሎ ያገኛችኋል። የግብር ፋይላችሁ ግን አይሱዙ ላይ አልተጫነም። ደሴ መደርደሪያው ላይ፣ በድሮው ቀበሌና በድሮው የቤት ቁጥር እንደተጻፈ ተቀምጧል። ነጋዴው አዲሱ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ እየሠራ፣ የግብር ውሳኔው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ የተዘጋ በር ላይ የሚለጠፈው በዚህ የተነሣ ነው።

ሕጉ የሚለው አጭር ነው። የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 አንቀጽ 10 የተመዘገበ ግብር ከፋይ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የድርጅቱን አቋም ወይም ዋና ሥራውን ሲቀይር ለውጡ በተፈጠረ በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር የሚጻጻፍበት ኢሜይልና የሚገለገልበት የባንክ ሂሳብ ሲቀየርም እንዲሁ ነው። ሁለት ቃላት ላይ እንቁም። አንደኛው «ለውጡ በተፈጠረ» የሚለው ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ሱቁ ከተዛወረበት ዕለት እንጂ አዲሱ ንግድ ፈቃድ ከታተመበት ዕለት አይደለም። ሁለተኛው «በጽሑፍ» የሚለው ነው። የቫት ማስታወቂያ ሊያስገቡ ሄደው መስኮቱ ላይ «ወደ ኮምቦልቻ ወርደናል እኮ» ብሎ መናገር ማሳወቅ አይባልም፣ ሠራተኛው በደንብ ቢያውቃችሁም እንኳ።

በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ ሠላሳ ስለሆነ ቀኑን ማስላት ቀላል ነው። ጥር 10 የተዛወረ ሰው የካቲት 10 ያበቃበታል። የሚያሳስተው ጳጉሜን ነው። ነሐሴ 20 የተዛወረ ሰው መስከረም 20 ድረስ ጊዜ ያለው ይመስለዋል፤ ጳጉሜን አምስቱን ቀን ስለምትበላ ግን ሠላሳው ቀን መስከረም 15 ላይ ይሞላል፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14 ላይ። ዓመታዊ ግብሩን ጨርሶ አዲሱን ዓመት በአዲስ ሱቅ መጀመር የሚፈልግ ነጋዴ ብዙ ስለሆነ ይቺ አምስት ቀን ቀላል አይደለችም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ብዙ ሰው አድራሻ አለማሳወቅ የሚያመጣው ቅጣት ብቻ ይመስለዋል። ቅጣቱ አለ፣ የከፋው ግን እሱ አይደለም። የከፋው ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ ሳታውቁት መሮጡ ነው። ሕጉ የግብር መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ለግብር ከፋዩ ወይም ለወኪሉ በእጅ እንዲሰጥ፣ የሚቀበል ሰው ከጠፋ በንግድ ቦታው ወይም በመኖሪያው በር ላይ እንዲለጠፍ ይፈቅዳል። በአደራ ፖስታ ሲላክም የሚላከው በመጨረሻ ወደሚታወቀው አድራሻ ነው። በመጨረሻ የሚታወቀው አድራሻ ማለት ደግሞ እናንተ በጽሑፍ የሰጣችሁት ነው። በሩ ላይ ከተለጠፈ ደርሷችኋል ይባላል፤ የኮምቦልቻውን ሱቅ ከተማው ሁሉ ቢያውቀውም ለውጥ የለውም።

አንድ ምሳሌ በቀንና በብር እንየው። የቧንቧና የመብራት ዕቃ የሚሸጥ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ጥር 10 ቀን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ተዛወረ እንበል። ሥራ አስኪያጁ ንግድ ፈቃዱን ጥር 25 አሻሻለ፣ አዲሱን አድራሻ የያዘውን ወረቀት ግድግዳው ላይ ሰቀለ፣ በዚያው ጨረስኩ ብሎ ተቀመጠ። ለግብር መሥሪያ ቤቱ እስከ የካቲት 10 መጻፍ ነበረበት፣ አልጻፈም። መጋቢት 2 ቀን ኦዲት ክፍሉ ያለፈውን ዓመት የግዥ ደረሰኞች በአሥር ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ጠየቀው። ደብዳቤው የሄደው ወደ ደሴው ሱቅ ነው፤ ሱቁ ተዘግቷል። ደረሰኝ ስላልቀረበ ኦዲተሩ 400,000 ብር የሚሆን ግዥ በማስረጃ አልተደገፈም ብሎ ከወጪ ሰረዘው። ለማኅበር የሚሠራው ምጣኔ 30 በመቶ በመሆኑ ተጨማሪ 120,000 ብር ግብር ተወሰነ። ውሳኔው ሚያዝያ 5 ቀን በድሮው በር ላይ ተለጠፈ።

በፌዴራሉ አዋጅ ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀናት ውስጥ ነው። ሚያዝያ 26 አለፈ ማለት ነው። ምክንያት ያለው ሰው እስከ 10 ቀን የሚደርስ ማራዘሚያ መጠየቅ ይችላል፣ ጥያቄው ግን ሃያ አንዱ ቀን ሳያልቅ መግባት አለበት። ሥራ አስኪያጁ የሰማው ግንቦት 14 ነው፣ ያውም ሱቁን አዲስ የተከራየው ሰው ከበሩ ላይ የገነጠለውን ወረቀት በሹፌር ሲልክለት። ደረሰኞቹ በሙሉ ኮምቦልቻ፣ ካርቶን ውስጥ አሉ። ሁሉም ትክክለኛ ናቸው። በሃያ አንዱ ቀን ውስጥ ቢያቀርባቸው 120,000 ብሩ ሊነሣለት ይችል ነበር። አሁን ግን የሚያይለት የለም፤ ውሳኔው የመጨረሻ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ሂሳቡ በራሱ ይሄዳል። በወቅቱ ላልተከፈለ ግብር የመጀመሪያው ወር መቀጫ 5 በመቶ ነው፣ በዚህ ምሳሌ 6,000 ብር። ከዚያ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ፣ ማለትም 2,400 ብር ይጨመራል። በሦስት ወር 10,800 ብር ሆነ። ወለዱ ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱም በባንኮች ከፍተኛው የማበደሪያ ወለድ ላይ 15 በመቶ ተጨምሮበት ይሰላል። ዕዳው ካልተከፈለ ቀጣዩ ደብዳቤ ለእናንተ ሳይሆን ለባንካችሁ ይጻፋል። ባንክ ደግሞ በር አይሳሳትም።

አሁን ይኸው ሥራ አስኪያጅ ጥር 20 ቀን አንዲት ገጽ ደብዳቤ ጽፎ፣ ቅጂዋ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማህተም አስመትቶ ይዟል እንበል። ሚያዝያ 5 የተለጠፈው ማስታወቂያ አድራሻው እንደተቀየረ መሥሪያ ቤቱ ካወቀ በኋላ የተለጠፈ ይሆናል። «ማስታወቂያው በሕጉ መሠረት አልደረሰኝም፣ ቀኑ የሚቆጠረው ወረቀቱን ካገኘሁበት ከግንቦት 14 ነው» ብሎ የሚቆምበት መሬት አለው። ማህተም ያላት ቅጂ ከሌለችው ግን የሚቀረው «ነግሬያቸው ነበር» የሚል ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ሁልጊዜ በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱ እዚያው ይቀራል። በሁለተኛው ላይ «ገቢ» የሚለው ማህተም፣ ቁጥሩና ቀኑ ይደረግበት። ሠራተኛው ቸኩሎ ፊርማ ብቻ ካኖረበት በትሕትና መልሱለት፤ ቁጥር የሌለው ፊርማ ከዓመት በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። ይህን ያህል ይበቃል፦

«ድርጅታችን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ……… የተመዘገበ ሲሆን፣ ከጥር 10 ቀን …… ዓ.ም. ጀምሮ የንግድ ቦታውን ከደሴ ከተማ ……… ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ ……፣ የቤት ቁጥር …… ወደ ኮምቦልቻ ከተማ ……… ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ ……፣ የቤት ቁጥር …… አዛውሯል። በድሮው አድራሻ የሚሠራ ቅርንጫፍ የለንም። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ማስታወቂያ በአዲሱ አድራሻ፣ በስልክ ቁጥር ……… እና በኢሜይል ……… እንዲደርሰን፣ መረጃው በሲስተሙ ላይ እንዲስተካከል፣ ፋይላችንም ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲዛወር እንጠይቃለን።»

«በድሮው አድራሻ የሚሠራ ቅርንጫፍ የለንም» የምትለውን ዐረፍተ ነገር አትዝለሏት። እሷ ከሌለች አዲሱ ቦታ እንደ ተጨማሪ ቅርንጫፍ ተመዝግቦ የድሮው አድራሻ ዋና ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። የደሴው ሱቅ በርግጥ ካልተዘጋና ሁለት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን ጻፉ፤ ማስታወቂያ የትኛው ዘንድ እንዲደርሳችሁ እንደምትፈልጉም ለይታችሁ አስቀምጡ።

ከደብዳቤው ጋር የተሻሻለውን ንግድ ፈቃድ፣ የአዲሱን ቦታ የኪራይ ውል ወይም የባለቤትነት ማስረጃ፣ የመለያ ቁጥሩን ምስክር ወረቀትና መታወቂያ አያይዙ። የምትልኩት ሰው ካለ ውክልና ይያዝ። ማኅበር ከሆናችሁና ዋናው መሥሪያ ቤት ደሴ እንደሆነ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ከተጻፈ መጀመሪያ እሱ በቃለ ጉባኤ ተሻሽሎ መመዝገብ አለበት። ይህ ሠላሳ ቀን ሊበላባችሁ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ዝውውሩን በቀኑ አሳውቁ፣ «የተሻሻለው ፈቃድ እንደደረሰን እናቀርባለን» ብላችሁ ጨምሩበት፣ ሲደርሳችሁም አቅርቡ። የተጓደለ አባሪ ይሟላል፤ ያለፈ ቀን ግን አይመለስም።

አድራሻ ስትጽፉ የምናየው ትልቁ ስሕተት «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» የሚለው ነው። ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ሁሉ «አዲስ» ይባላል፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ ደግሞ «አዲስ» የሆነ ቤት ሞልቷል። ማስታወቂያ ይዞ የሚወጣው ሠራተኛ የትኛውን አዲስ ይምታ? ቁጥር ከሌለ የሕንፃውን ስም፣ ፎቁን፣ የሱቁን ቁጥርና ፊት ለፊቱ ያለውን የታወቀ ቦታ ጻፉ። የኪራይ ውሉ ላይ ያለውና ደብዳቤው ላይ የምትጽፉት አንድ ይሁን።

ስልኩ ደግሞ ከቤት ቁጥሩ ይብሳል። አብዛኛው ጉዳይ የሚጀመረው በስልክ ጥሪ ስለሆነ በሩ ላይ የሚለጠፈው ጥሪው ሳይነሣ ሲቀር ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ የባለቤቱ አይደለም። ፈቃዱን ያወጣለት ጉዳይ አስፈጻሚ የራሱን ቁጥር ሞልቶበታል፣ ወይም የሂሳብ ሠራተኛዋ ቁጥር ነው፣ እሷም ሥራ ከለቀቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ኢሜይሉን የከፈተው የኢንተርኔት ቤት ልጅ ነው፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ የለም። ሱቁን ባትቀይሩ እንኳ ነገ ሄዳችሁ «እኔ ዘንድ የተመዘገበው ስልክ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የሚያስደነግጠው ሰው ጥቂት አይሆንም።

የስም ለውጥን በተመለከተ መጀመሪያ የትኛው ስም እንደተቀየረ መለየት ያስፈልጋል። በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው የንግድ ስም አለ፣ የማኅበሩ ስም አለ፣ የባለቤቱ የግል ስም አለ። የንግድ ስም የሚለወጠው በንግድ ጽሕፈት ቤት በኩል ነው፣ የማኅበር ስም በቃለ ጉባኤና በመመሥረቻ ጽሑፍ ማሻሻያ፣ የግል ስም ደግሞ በፍርድ ቤት። ሦስቱም ለግብር መሥሪያ ቤቱ በሠላሳ ቀን ይነገራሉ። ሦስቱም መለያ ቁጥሩን አይለውጡትም። ስሜ ስለተቀየረ፣ ወይም ኮምቦልቻ ሌላ ከተማ ስለሆነ አዲስ መለያ ቁጥር ላውጣ የሚል ሰው አለ፤ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ሁለተኛ ለማውጣት መሞከር ራሱ ያስጠይቃል። የለውጥ ደብዳቤ ላይ መለያ ቁጥሩን ከስሙ በፊት የምናስቀምጠውም ሌላው ሁሉ ቢቀየር እሱ ስለማይቀየር ነው።

በስም ላይ አንድ የእኛ የራሳችን ጣጣ አለ፦ ፊደሉ። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ሰዎች። «ሠላም» እና «ሰላም»ም እንዲሁ። ንግድ ፈቃዱ ላይ በአንዱ፣ የቫት ምስክር ወረቀቱ ላይ በሌላው ከተጻፈ፣ በስም የሚፈልግ ሠራተኛ አያገኛችሁም፤ ገዢው ቀንሶ ያስገባው ቅድመ ግብርም ሲታሰብላችሁ ጥያቄ ያስነሣል። አዲሱ ስም ሲመዘገብ አጠገቡ ቆማችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውንም እንዲሁ።

ስሙም ሆነ አድራሻው ሲቀየር የካሽ ማሽኑ ራስጌም ይቀየራል። ደረሰኙ አናት ላይ የሚታተመው ስም፣ መለያ ቁጥርና አድራሻ ነው። ማሽኑን ራሳችሁ ነቅላችሁ አይሱዙ ላይ አትጫኑት። ማሽኑ ለዚያ ቦታ ነው የተመዘገበው፣ ከቦታው የሚነሣውም በመሥሪያ ቤቱ ዕውቅና ነው፣ ራስጌውን የሚለውጠው ደግሞ ፈቃድ ያለው የጥገና ማዕከል ቴክኒሻን ነው። የማሽን ጥፋት የራሱ የሆነ ከባድ ቅጣት አለው፣ ከአድራሻው ጉዳይ ጋርም አይቀላቀልም። በድሮው ስም የታተመ የእጅ ደረሰኝ ከቀራችሁ በማህተም አስተካክሎ መጠቀም አይቻልም። ያልተሠራበትን ከስንት እስከ ስንት ቁጥር እንደሆነ ዘርዝራችሁ አስረክቡ፣ የማስረከቢያውን ወረቀትም ያዙ።

ደብዳቤው ገባ ማለት ግን ሲስተሙ ላይ ተለወጠ ማለት አይደለም። ደብዳቤያችሁ በሥርዓት ተመዝግቦ፣ ተመርቶ፣ ፋይል ውስጥ ታስሮ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን የድሮው አድራሻ ሊቀመጥ ይችላል። ማስታወቂያ የሚያትመው ሰው የሚያየው ደግሞ ፋይሉን ሳይሆን ኮምፒውተሩን ነው። በሳምንቱ ተመለሱ፣ የግብር ከፋይ መረጃችሁን አትመው እንዲሰጧችሁ ወይም ስክሪኑን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው ይህ ድርብ ነው፣ ምክንያቱም ፋይሉ ራሱ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይሄዳል። ደሴ ሳያጠራ አይለቅም፦ ያላስገባችሁት ማስታወቂያ፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ የተጀመረ ኦዲት ካለ ዝውውሩ ይቆማል። ኮምቦልቻ ሄዳችሁ በዚያው መለያ ቁጥር እንደ አዲስ ሥራ ከጀመራችሁ ደግሞ የደሴው ፋይል ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ በየወሩም «አላሳወቀም» እያለ ይቆጥራል፤ መጨረሻው በግምት የተወሰነ ግብር ነው። የዝውውሩ ደብዳቤ ኮምቦልቻ ደርሶ ገቢ እስኪሆን ድረስ ወርኃዊውን ማስታወቂያ የት እንደምታስገቡ ከሁለቱም ወገን በጽሑፍ ይዛችሁ ቀጥሉ። አንድም ወር አትዝለሉ።

የግል ነጋዴ ከሆናችሁ ፋይላችሁ የሚተዳደረው በክልሉ የታክስ አስተዳደር ሕግ ነው። ስለዚህ ከላይ የጠቀስናቸውን የፌዴራል ቀናት ከእጃችሁ ካለው ውሳኔ ጋር አስተያዩ፤ የቅሬታ ማቅረቢያው ቀንና የሚቀርብበት ክፍል ውሳኔው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ለገቢ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤቶቹ ያለን ጥያቄ ሁለት ነው። ማስታወቂያ በር ላይ ከመለጠፉ በፊት የተደወለበት ስልክ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት በማስታወቂያው ቅጂ ላይ ይመዝገብ፣ የተለጠፈውም በር ፎቶ ይነሣ። ይህ ለእናንተም ማስረጃ ነው፤ ሦስት ሻተር ጎን ለጎን ባለበት መንገድ ላይ የቱ በር እንደተለጠፈበት ክርክር አይኖርም። ሁለተኛ፣ ዓመታዊ ግብር የሚያስገባ ሰው መስኮት ላይ ሲቆም አድራሻውና ስልኩ በየዓመቱ ተነብቦለት ልክ ነው አይደለም ይባል። ግማሽ ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ወደ እናንተ እንመለስና፣ ሱቅ ስትለቁ ለአከራያችሁና ተተክቶ ለሚገባው ሰው አዲሱን ስልካችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ተዉ። «በበሩ ላይ የሚለጠፍ ወይም በስሜ የሚመጣ ወረቀት ካለ በዕለቱ ደውሉልኝ» በሏቸው። ቢያንስ ስድስት ወር ደግሞ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ጊዜ እናንተው ደውሉ፤ ሃያ አንድ ቀን ሳይሞላ ትደርሱበታላችሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
በደሴና በኮምቦልቻ የነጋዴዎችን ሂሳብ የምንሠራ ባለሙያዎች